ሰማንያ አራተኛው ቃል

የምኖርበት ኮንዶሚኒየም የብሎክ ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ። ጸሐፊ ያደረጉኝ ጽሑፍ አውቃለሁ ብለው ሳይሆን ስብሰባ ላይ አርፍጄ ስለገባሁ ነው፤ ስደርስ ሌላው ቦታ ሁሉ ተይዟል። ሥራው ከባድ አይደለም። ቃለ ጉባኤ መያዝና በነዋሪው የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ማሳወቂያ መላክ ነው። አንድ ሐሙስ ማታ የላክሁትን ማሳወቂያ አንድ ቃል ሳልነካ እነሆ፦

«የተከበራችሁ የብሎካችን ነዋሪዎች እንደምን አመሻችሁ? ባለፈው ለፓምፑ ጥገና መዋጮ ስንጠይቃችሁ ሳትሰለቹ ስለተባበራችሁን ኮሚቴው ከልብ ያመሰግናል። እንደምታውቁት ከበዓሉ በፊት ጀምሮ ከቧንቧ የሚወርደው ውሃ ቀለሙ እየደፈረሰ ነው የሚል ቅሬታ ከተለያዩ ቤቶች ሲደርሰን ቆይቷል። እኛም ጉዳዩን ችላ ሳንል ባለሙያ ጠርተን፣ ታንከሩን አስከፍተን፣ ከስሩ ብዙ ደለል መኖሩን አይተን፣ ሁለት ሦስት ሰው ዋጋ ጠይቀን፣ አንደኛው ውድ ሆኖብን ትተነው፣ ከሌላኛው ጋር ተስማምተን፣ ማክሰኞ እመጣለሁ ብሎ መኪና ተበላሽቶበት ቀርቶ፣ በመጨረሻም ነገ ዓርብ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ እንዲመጣ ተቀጣጥረናል። ሥራው እስከ 10 ሰዓት ሊወስድ ስለሚችል በዚያን ጊዜ ውሃ ስለማይኖር ነዋሪዎች ከወዲሁ እንድታጠራቅሙ፣ እንዲሁም ከዚህ ቀደም አንዳንድ ቤት ቧንቧ ተከፍቶ ተረስቶ ታች ያለው ቤት ድረስ ስለፈሰሰ ጥንቃቄ እንዲደረግ እያሳሰብን፣ ለትብብራችሁ በቅድሚያ እናመሰግናለን። ኮሚቴው»

መልሱ ወዲያው ጎረፈ። «ኮሚቴው ይባረክ»፣ «እኛም እናመሰግናለን»፣ የተጋጠሙ እጆች፣ ቀይ ልቦች። ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ዓርብ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ በሬ ተንኳኳ። ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤቴ ናት፤ ክንዷ እስከ ክርኗ ድረስ አረፋ ለብሷል። የሕፃን ልብስ ነክራ እያጠበች ሳለ ውሃው ቆመባት።

«ውሃው ምን ሆነ?»

«ትናንት ማታ መልእክት ልኬ ነበር እኮ።»

«አየሁት። ስለ መዋጮው ያመሰገናችሁት አይደል?»

ልክ ናት። ስልኳ ተቆልፎ እያለ ፊቱ ላይ ብቅ ያለው የመጀመሪያው መስመር ነው፤ የመጀመሪያው መስመር ደግሞ ሰላምታና ምስጋና ነበር። ምስጋና ሰው በኋላ አነበዋለሁ ብሎ ያልፈዋል፤ ከዚያ ይረሳዋል። ያን ሁሉ «ይባረክ» የላኩልኝ ሰዎችም የመለሱት ለዚያው መስመር ነው። ዞር ብዬ ሳስበው ምልክቱ ያኔውኑ ነበር። ስለ ውሃ መቋረጥ አሳውቀህ አንድ ሰው እንኳ «ፓምፑን ስንት ሰዓት ታጠፉታላችሁ?» ብሎ ካልጠየቀ፣ ሁሉም ካመሰገነህ፣ መልእክትህ አልደረሰም ማለት ነው።

የዚያን ቀን ማታ መልእክቱን አውጥቼ ቃሎቹን ቆጠርኋቸው። 104 ናቸው። ነዋሪው ምን ማድረግ እንዳለበት የሚናገረው የመጀመሪያው ቃል «እንድታጠራቅሙ» የሚለው ሲሆን ሰማንያ አራተኛ ላይ ተቀምጧል። ከእሱ በፊት ያሉት ሰማንያ ሦስት ቃላት በአብዛኛው የኛ የኮሚቴዎቹ ታሪክ ናቸው፦ ማንን እንደጠራን፣ ማን እንደተወደደብን፣ የማን መኪና እንደተበላሸ። ለምን ጻፍሁት ብዬ ራሴን ስጠይቅ መልሱ ብዙም አያኮራም። እንደለፋን እንዲታወቅልን ፈልጌ ነው። ደግሞም ነገሩ በእኔ ላይ የደረሰው በዚያ ቅደም ተከተል ነበር፤ መጀመሪያ ቅሬታው መጣ፣ ቀጥሎ ባለሙያው፣ ቀጥሎ ዋጋው፣ መጨረሻ ላይ ቀጠሮው። እኔ የጻፍሁት እኔ ባለፍሁበት መንገድ ነው። ጎረቤቴ ግን በዚያ መንገድ አላለፈችም፤ ለእሷ ጉዳዩ የሚጀምረው ባልዲው ላይ ነው።

ሌላም ጥፋተኛ አለ፤ ቋንቋው ራሱ። በአማርኛ ግስ መጨረሻ ላይ ይመጣል። «ውሃ አጠራቅሙ» ስንል ውሃው ይቀድማል፣ ማጠራቀሙ ይከተላል። ዓረፍተ ነገሩ ሁለት ቃል ከሆነ ይህ ምንም አይጎዳም። ጉዳቱ የሚመጣው በግሱ ፊት ሌላ ነገር መደርደር ስንጀምር ነው። ለዚህ ድርደራ ደግሞ አማርኛ የታወቀ መሣሪያ አለው፤ ትምህርት ቤት ቦዝ አንቀጽ ብለን የተማርነው። ጠርተን፣ አስከፍተን፣ አይተን፣ ጠይቀን፣ ትተነው፣ ተስማምተን። ለተረት እንደዚህ የሚመች ነገር የለም፤ ሰሚውን ሳያሳርፍ ይዞት ይሄዳል። ለማሳወቂያ ግን መቅሰፍት ነው፤ ማሰሪያው አንቀጽ እስኪመጣ ድረስ አንባቢው ምን እንደተባለ አያውቅም። እኔማ ሰንሰለቱን ስላረዘምሁት መሃሉ ላይ ባለቤቱ ሁሉ ተቀይሮብኛል። «ተስማምተን» ያልነው እኛ ነን፤ «ቀርቶ» የተባለው ሰውዬው ነው፤ «ተቀጣጥረናል» ላይ ተመልሰን እኛ ሆነናል። ተማሪ ቢጽፈው መምህሩ በቀይ ያሰምርበት ነበር።

እንግዲህ ከአማርኛ ጋር ተጣልቶ ግሱን ወደ ፊት ማምጣት አይቻልም። የሚቻለው ዓረፍተ ነገሩን ማሳጠር ነው። ትእዛዙ ያለበት ዓረፍተ ነገር አራት አምስት ቃል ብቻ ከሆነ፣ ግሱ መጨረሻ ላይ ቢሆንም ዓይን ቶሎ ይደርስበታል። ምክንያቱ ከኋላ በራሱ ዓረፍተ ነገር ይመጣል። «ስለሚችል»፣ «ስለማይኖር»፣ «ስለፈሰሰ» ከግሱ በፊት ሲሰለፉ በር ላይ እንደቆመ ሰው መግቢያውን ይዘጉታል፤ ነቅላችሁ ከነጥቡ በኋላ ስታስቀምጧቸው ግን ያው ምክንያት ናቸው፣ ማንንም አያግዱም።

ከዚያ ማታ ጀምሮ የምሠራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ እንደመጣልኝ እጽፋለሁ፤ ራሴን አላቆምም፤ ያለዚያ ጉዳዩን ራሴም አላውቀውም። ከዚያ የጻፍሁትን ሳነብ አንባቢው በእጁ ወይም በእግሩ የሚያደርገውን ነገር ብቻ እፈልጋለሁ። የሐሙሱ መልእክት ውስጥ ሁለት ብቻ ነበሩ። አንደኛው ውሃ ማጠራቀም ነው። ሁለተኛውን ለማግኘት ትንሽ መቆፈር አስፈልጎኛል፤ የተጻፈው «ጥንቃቄ እንዲደረግ» ተብሎ ነውና። ጥንቃቄ በእጅ አይያዝም። ማን ነው የሚያደርገው? መቼ? ምን ነክቶ? ለማለት የፈለግሁት ውሃ ሲጠፋ ቧንቧውን ከፍቶ አይቶ ሳይዘጋ የሚወጣ ሰው ስላለ ነው፤ ውሃው ሲመለስ ቤቱ ሰው የለም፣ ታችኛው ፎቅ ኮርኒሱ ይንጠባጠባል። አዲስ አበባ ውስጥ ፎቅ ላይ የኖረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ታዲያ ቃሉ «ቧንቧ ዝጉ» ነው። «እንዲደረግ»፣ «እንዲታሰብበት»፣ «ትኩረት ይሰጠው» የሚሉ ቃላት በመልእክቴ ውስጥ ካየሁ አሁን ቆም ብዬ ባለቤቱን እፈልጋለሁ፤ ብዙ ጊዜ ባለቤቱን ለመናገር ያፈርሁበት ቦታ ነው።

ሁለቱ ድርጊቶች ከተገኙ በኋላ ቀንና ሰዓት ይለጠፍባቸዋል፤ ቀጥሎ አንድ አንድ ምክንያት፤ ቀሪው ከታች ይወርዳል ወይም ይቀራል። የሐሙሱ መልእክት እንዲህ ሆነ፦

«እንደምን አመሻችሁ። ዛሬ ማታ ውሃ አጠራቅሙ። ነገ ዓርብ ከጠዋቱ 2 እስከ 10 ሰዓት ውሃ አይኖርም፤ ታንከሩ ይታጠባል።

ከቤት ስትወጡ ቧንቧ መዘጋቱን እዩ። ባለፈው ተከፍቶ ቀርቶ ታችኛው ቤት ፈሶ ነበር።

ውሃው የደፈረሰው ከታንከሩ ስር ደለል ስለተጠራቀመ ነው። ስለ ዋጋው እሁድ ስብሰባ ላይ እንነግራችኋለን።»

42 ቃል ነው፤ «አጠራቅሙ» ስድስተኛው ላይ ተቀምጧል። የተበላሸው መኪና ጠፍቷል፤ ማንም አልፈለገውም። መዋጮውም ወጥቷል፤ ምስጋና ከፈለግን በሌላ ቀን ለብቻው እንልካለን፣ ያኔ ሰው ከልቡ ያነበዋል። «በቅድሚያ እናመሰግናለን» የሚለውን ደግሞ ለዘለቄታው ተሰናብቼዋለሁ፤ ገና ላልተሠራ ሥራ የሚከፈል ቀብድ ይመስለኛል።

መልእክቱን ከመላኬ በፊት የምፈትነው በባለቤቴ ነው። ስልኩን አሳይቼ የመጀመሪያውን መስመር ብቻ ታነባለች፤ ወዲያው እነጥቅና «ምን አድርጊ አሉሽ?» እላለሁ። «ስለ ውሃ የሆነ ነገር» ካለችኝ አልጨረስሁም። «ባልዲ ሙዪ» ካለችኝ እልካለሁ።

ይህን ለሰዎች ስነግራቸው የሚያነሱት አንድ ተቃውሞ አለ፤ «ይህማ የፈረንጅ ድርቅና ነው፣ የኛ ሰው እንዲህ አይነጋገርም» ይላሉ። እርግጥ ነው፣ የአሜሪካ ጦር በ25-50 ቁጥር ደንቡ የደብዳቤው ዋና ነጥብ መጀመሪያ ላይ እንዲቀመጥ አዟል። እኛ ግን ጦር ሠራዊት አይደለንም። እኛ ዘንድ ሰው ሰላምታ ሳይሰጥ አይጠይቅም፣ ለታላቁም እንደ ታናሹ አይናገርም። በዚህ እስማማለሁ። የማልስማማው ትሕትና ርዝመት ይፈልጋል በሚለው ነው። አማርኛ አክብሮቱን የሚሸከመው ግሱ ውስጥ ነው። «አጠራቅም» እና «ያጠራቅሙ» ርዝመታቸው ያን ያህል አይለያይም፤ የተባለው ሰው ግን ልዩነቱን በደንብ ይሰማዋል። «ቢያጠራቅሙልኝ» ብትሉት ደግሞ ልመና ይሆናል። ቋንቋው ለአንቱታና ለልመና ቦታ የሰጠው እዚያው ፊደል ላይ ስለሆነ ሦስት መስመር መቅድም መደርደር አያስፈልግም። ሰላምታውም ሁለት ቃል ይበቃዋል።

ሰላምታ ከቶ የማይታለፍበት ቦታ ግን አለ፤ ይህን የተማርሁት ከእህቴ ነው። እህቴ ዋሽንግተን አካባቢ ትኖራለች። እናታችን የምትኖርበት ቤት ጉዳይ ውክልና ፈለገና አንድ ቀን «በአስቸኳይ ደውይልኝ» ብዬ ላክሁላት። አጭር ነው፣ ድርጊቱም ፊት ለፊት ነው፤ በራሴ መለኪያ እንከን የለውም። እሷ ሥራ ላይ ነበረች። ስትደውል ድምፅዋ አልወጣም። አገር ቤት ወላጅ ያለው፣ ውጭ የሚኖር ሰው «በአስቸኳይ ደውል» የሚለውን የሚያነበው በአንድ መንገድ ብቻ ነው።

ስለዚህ ለእህቴ ስጽፍ ከድርጊቱ የሚቀድም አንድ ነገር አለ፦

«ሁላችንም ደህና ነን፣ እማዬም ደህና ናት። የቤቱን ውክልና በኤምባሲው በኩል ላኪልኝ፤ እስከ ጥቅምት 20 (በእናንተ ኦክቶበር 30) ቢደርስ ጥሩ ነው። የሚጻፈውን ቃል ፎቶ አንስቼ ከታች አያይዤዋለሁ። ቅዳሜ በእኛ ማታ 2 ሰዓት፣ በእናንተ ከሰዓት 1 ሰዓት እደውላለሁ።»

ቀኑን በሁለት አቆጣጠር መጻፌ ትርፍ ቃል እንዳይመስላችሁ። ውጭ የቆየ ሰው ኦክቶበርን «ጥቅምት» ብሎ መጥራት ይለምዳል። እኔ ጥቅምት 20 ስል እሷ ኦክቶበር 20 ብላ ከሰማች አሥር ቀን ቀድማ በከንቱ ትጣደፋለች። እሷ ኦክቶበር 20ን አስባ «ጥቅምት 20» ካለችኝ ደግሞ እኔ አሥር ቀን አርፍጄ እቀርባለሁ። ሰዓቱም እንደዚያው ነው። «2 ሰዓት» ለእኔ ምሽት ነው፤ ለእሷ ወይ ከሌሊቱ ነው ወይ ከሰዓት በኋላ ነው። በዚያ ላይ እነሱ በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን ስለሚያዛውሩ ልዩነታችን በበጋቸው 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ይሆናል። ማሳጠር ማለት ቃል መቁረጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ እነዚህን መጀመሪያ እቆርጣቸው ነበር፤ ነገር ግን ድርጊቱን ከአንባቢው ሰዓት ጋር የሚያስረው ክር እነሱ ናቸው።

ይህ አጻጻፍ ፈጽሞ የማይገባበት ቦታም አለ። መርዶ በመልእክት አይነገርም፤ ረዘመም አጠረም። የተጣሉ ሰዎችን ለማስታረቅ የሚሄድ ሽማግሌም ከደጃፍ ቆሞ «ይቅር ተባባሉ» አይልም፤ ዙሪያውን መዞሩ ራሱ ሥራው ነው። እዚያ አንባቢው የሚያደርገው ነገር የለም፤ የሚሰማው እንጂ። ማሳወቂያ ግን ሌላ ነው፤ ባልዲ የሚያስሞላ ነገር ነው።

የድምፅ መልእክት ነገር ካነሳሁ አልጨርስም፣ አንድ ብቻ ልበል፦ አራት ደቂቃ የተናገራችሁትን ሰው በዓይኑ ሊቃኘው አይችልም፤ ከስሩ አንድ መስመር ጻፉበት፤ «ቁልፉን ዘበኛው ጋ ተው» ብሎ የሚጨርስ።

አሁን ወደ ታንከሩ ልመለስ። ከመንፈቅ በኋላ ደለሉ ተመልሶ መጣ፤ ሰውዬው ያው ነው፣ ቀኑም ያው ዓርብ። በዚህ ጊዜ ለቴሌግራሙ አልሰጋሁም። ያሰጋኝ ምድር ቤት የሚኖሩት እማማ ናቸው። ስልካቸው ቁልፍ ያለው ትንሽ ስልክ ነው፤ ቴሌግራም የለውም፤ የሚደርሳቸው አጭር የጽሑፍ መልእክት ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ወሰን አለው።

አንድ አጭር መልእክት 140 ባይት ነው የሚይዘው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ 160 ምልክት ይገባበታል። ቁጥሩ የመጣው በ1985 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ፍሪድሄልም ሂለብራንድ የሚባል ጀርመናዊ መሐንዲስ ቦን ከተማ ውስጥ ታይፕራይተሩ ላይ ተቀምጦ ሰው ሊልካቸው የሚችሉ ዓረፍተ ነገሮችና ጥያቄዎች እየጻፈ ቆጠረና 160 ይበቃል አለ። በእኛ ፊደል ሲሆን ግን እያንዳንዱ ምልክት ሁለት ባይት ስለሚወስድ የሚገባው 70 ብቻ ነው፤ ክፍተቱና አራት ነጥቡም ይቆጠራሉ። አንድ ቢያልፍ መልእክቱ 67፣ 67 እየሆነ ይከፈላል፣ ሒሳቡም በየክፍሉ ነው። በላቲን በተጻፈ መልእክት ውስጥ አንድ የኛ ፊደል ብትገባ እንኳ ሁሉም ወደ 70 ይወርዳል። አትዘኑ ታዲያ፤ ፊደላችን ድምፁንና አናባቢውን ባንድ ላይ ስለሚይዝ 70 ያን ያህል ጠባብ አይደለም። «ውሃ» ለእኛ ሁለት ነው፣ በላቲን አራት ይሆናል።

ተቀምጬ ቆጠርሁ። ለእማማ የላክሁት ይህ ነው፦

«ዛሬ ማታ ውሃ ያጠራቅሙ፤ ነገ ዓርብ ቧንቧ ይዝጉ። ከጠዋቱ 2 እስከ 10 ውሃ የለም፤ ታንከር ይታጠባል።»

65 ምልክት። ድርጊቱ ፊት፣ አንቱታው በግሱ ላይ፣ ምክንያቱ ከኋላ። ረክቼ ስልኬን ሳላስቀምጥ ጠራ። እማማ ናቸው።

«ልጄ፣ ምን ነካህ? ቤት ሰላም አይደለም እንዴ?»

«ደህና ነን እማማ፣ ምነው?»

«አይ፣ ሰላም እንኳ ሳትለኝ ነገር ስትጀምር ጊዜ ደነገጥሁ። ውሃውንስ ሞልቼዋለሁ።»

ይቅርታ ጠይቄ ዘጋሁና መልእክቱን መልሼ አየሁት። አምስት ቦታ ቀርቶልኛል። «ሰላም» ሦስት ፊደል ነው፣ አራት ነጥቡ አራት፣ ክፍተቱ አምስት። የሚቀጥለው አጠባ ላይ የምልክላቸው ልክ 70 ይሆናል፦

«ሰላም። ዛሬ ማታ ውሃ ያጠራቅሙ፤ ነገ ዓርብ ቧንቧ ይዝጉ። ከጠዋቱ 2 እስከ 10 ውሃ የለም፤ ታንከር ይታጠባል።»